የበያጅ የምስክር ወረቀት በሥራ ቦታ እንዴት ይጣራል?

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው ዶራሌ ወደቦችና የነዳጅ ማከማቻ ጋኖች አሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የነዳጅ ቱቦ የሚበይድ ሠራተኛ ችሎታውን በወረቀት ብቻ ማሳመን አይችልም። ለምን?

ከኢትዮጵያ የሚሄድ በያጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ይህ ሰነድ ባለቤቱ በሙያው የደረሰበትን ደረጃ ይገልጻል። ዓለም አቀፍ የግንባታ ተቋራጮች ግን የሚጠይቁት ከዚያ ጠበብ ያለ ነገር ነው፦ በየትኛው የብየዳ ዘዴ፣ በምን ውፍረት ባለው ብረት፣ በምን አቀማመጥ ተፈተነ?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ በያጅ አይኤስኦ 9606-1 በተባለው መስፈርት 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጠፍጣፋ ብረት፣ መሬት ላይ አጋድሞ፣ በኤሌክትሮድ ጫፍ ለጫፍ በይዶ አልፏል እንበል። ብየዳው ሙሉ ውፍረቱን የሞላ ከሆነ ወረቀቱ ከ3 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ያሸፍነዋል። ሆኖም ጫፍ ለጫፍ በሚያያዝ ሥራ ከላይ ወደ ታች ከመበየድ ውጭ አይፈቅድለትም። ቆሞ ወይም አንጋጦ የሚበየድ ቱቦ ከተሰጠው፣ ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆንም ለዚያ ሥራ አያገለግልም።

ተቆጣጣሪው ቀጥሎ የሚያየው የወረቀቱን ጀርባ ወይም ግርጌ ነው። በመስፈርቱ መሠረት በያጁ በዚያው ዘዴ መሥራቱን እንደቀጠለ ኃላፊው በየ6 ወሩ በፊርማ ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ወረቀቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ፊርማው ከተቋረጠ ማረጋገጫው አይጸናም።

የአሜሪካኑን አስሜ መስፈርት የሚከተል አሠሪ ደግሞ በያጁን የመፈተን ኃላፊነት የራሱ ስለሆነ፣ የሌላ ድርጅት ወረቀት ይዞ የመጣውን እንደገና መፈተኑ የተለመደ ነው። ለቱቦ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ፈተና በ45 ዲግሪ አጋድሎ የታሰረና የማይዞር ቱቦ ነው። በያጁ ራሱ በዙሪያው እየተንቀሳቀሰ ይበይዳል።

ፈታኙ አስቀድሞ ፓስፖርቱን ከፊቱ ጋር ያመሳክራል፤ በቱቦው ላይ ቁጥር ይመታል፤ የመጀመሪያው ድርድር ሲበየድም ቆሞ ይመለከታል። አንዱ በሌላው ስም እንዳይፈተን ነው። ከዚያ ብየዳው በዓይን ይታያል፣ በራጅ ይነሳል ወይም ተቆርጦ ይታጠፋል። በመታጠፍ ሙከራ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ስንጥቅ ከተከፈተ በያጁ ወድቋል።

ያለፈው የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በበየደው መጋጠሚያ አጠገብም ይጽፈዋል። ከወራት በኋላ ራጅ ጉድለት ቢያሳይ ማን እንደበየደው ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ሲያበቃም ነዳጅ ባለበት አካባቢ እሳት ለመለኮስ የዕለቱ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየሩ ጋዝ ይለካል፤ የእሳት ጠባቂም ይቆማል። ለትናንት የተሰጠ ፈቃድ ለዛሬ አይሠራም።