ሦስት እንቁላል፣ አራት ቲማቲም፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፦ የፍሪጅ ፎቶ አይቶ ምግብ ስለመጠቆም



ከግቢ ውጭ ተከራይተው የሚኖሩ የጀመዓችን ልጆች ወር መጨረሻ ላይ የፍሪጃቸውን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልናል። ከፎቶው ሥር የሚጽፉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በዚህ ምን ይሠራል?» በዚህ እትም ከቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ሦስት እህቶች የላኩልንን አንድ ፎቶ ይዘን፣ መልሱን እንዴት እንደደረስንበት ደረጃ በደረጃ እናሳያችኋለን።

ፎቶው የመጣው እሑድ ማታ ከመግሪብ በኋላ ነው። እህቶቹ ሰኞን ሊጾሙ ነይተዋል። ስለዚህ የሚፈልጉት የዚያን ማታ እራት፣ ሱሑርና የሰኞ ኢፍጣር ነበር። በፎቶው ላይ የሚታየው ይህ ነው፦ በሩ ላይ ሦስት እንቁላል፤ መሀል መደርደሪያው ላይ ክዳን ያለው ትንሽ ድስትና በፌስታል የተጠቀለለ ግማሽ ሽንኩርት፤ ከታች አራት ቲማቲም፣ ሦስት ቃሪያና የተቆረጠበት ፊት የጠቆረ ግማሽ ጥቅል ጎመን፤ ከላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የታሰረ ጥቁር ፌስታል።

ፎቶው የማያሳየው

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ስሕተት ሠርተናል። በሌላ ፎቶ ላይ የበሰለ ሩዝ አይተን «በሽንኩርት ጠበስ አድርጋችሁ አሙቁት» ብለን መለስን። ሩዙ መቼ እንደተቀቀለ አልጠየቅንም። ከተቀቀለ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አድሮ ጠዋት ነበር ፍሪጅ የገባው። ሁለቱ ወንድሞች ሲያስመልሳቸው አድረው ፈተና ሳይቀመጡ ቀሩ። የበሰለ ሩዝ ለብ ባለ ቦታ ሲቆይ ከመቀቀል የተረፈ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የሚተወውን መርዝ ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል በማሽተት አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ምንም ከመጠቆማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው «ከፍሪጅ ውጭ ምን አላችሁ?» የሚል ነው። የኛ አገር ማዕድ መሠረቱ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ድንቹ፣ እንጀራው ሁሉ ያለው ውጭ ነው። እህቶቹ ፍሪጁን ብቻ አይተው «ምንም የለንም» ብለው ነበር። ሲቆጥሩ ግን ግማሽ ኪሎ ያህል ምጥን ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ጥቂት በርበሬና እርድ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ድንች፣ አንድ እፍኝ ቴምርና አምስት እንጀራ ተገኘ።

ሁለተኛው «መብራት ጠፍቶ ነበር?» ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጠፍቶ ነበር አሉ፤ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ባዶ ፍሪጅ ደግሞ ከሞላው ቶሎ ይሞቃል። ቅዝቃዜ የሚያከማች ዕቃ የለውምና በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛው አየር ወደታች ፈስሶ ይወጣል፣ ቦታውን ሞቃት አየር ይይዘዋል።

ሦስተኛው «ድስቱና ፌስታሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከየት መጣ?» ነው። በድስቱ ያለው የቅዳሜ እራት የተረፈ ሩዝ ነበር፤ ከተበላ በኋላ እስከ መኝታ ሰዓት ውጭ ቆይቷል፣ በማግሥቱም መብራቱ ጠፋበት። «ይደፋ» አልን፤ ቢያሳዝንም አልተከራከርንም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሥጋ ነው። ማን እንዳረደው ግን ከሦስቱ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ደግሞ ፎቶ ሊናገር አይችልም። ሥጋው ባለፈው ወር ቤቱን የለቀቀች ክርስቲያን ጓደኛቸው የተወችው ሊሆን ይችላል ብለው ደወሉላት፤ «የኔ ነው፣ ቀልጦ ከሆነ ጣሉት» አለቻቸው። ነገሩ በአንድ ስልክ አለቀ። ባለቤቱ ያልታወቀ ሥጋ ስታገኙ በግምት ከማብሰል መደወል ይቀላል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ይቅደም

ሁለቱ ነገሮች ከወጡ በኋላ የቀረውን በአንድ ጥያቄ ደረደርነው፦ ነገ የማይጠብቀን የትኛው ነው? ፎቶውን አጉልተን ስናይ ሁለቱ ቲማቲሞች ለስልሰዋል፣ የአንደኛው ልጣጭ ተሰንጥቋል። የለሰለሰ ቲማቲም ሻጋታ ከሌለው ለወጥ ከጠንካራው ይሻላል፤ ሻጋታ ያለበት ግን ውሃው በውስጡ ስለሚያዳርሰው ቆርጦ ማትረፍ አይቻልም፣ ሙሉው ይጣላል። ቀጥሎ የተቆረጠው ሽንኩርት ነው። ጎመኑ የጠቆረው ፊቱ ላይ ብቻ ስለሆነ ጣት በሚያህል ውፍረት ሲቆረጥለት የቀረው ደህና ነው፤ አንድ ቀን ይጠብቃል። ሙሉ እንቁላል ሱቅም ውጭ ተደርድሮ የሚሸጥ ነውና አሳሳቢ አልነበረም። ቢሆንም ውሃ ውስጥ እንዲከቷቸው ነገርናቸው። ከሥር የተኛ ትኩስ ነው፣ የቆመ የቆየ ነው፣ የተንሳፈፈ ይጣላል። ሁለቱ ተኙ፣ አንዱ ቆመ። የቆመው አስኳሉም ነጩም እስኪጠነክር ከበሰለ ይበላል፤ ሲከፈት ከሸተተ ግን ይጣላል። ሽሮና ድንች ደግሞ ማንንም አያጣድፉም፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ መጡ።

የላክንላቸው መልስ

*የእሑድ እራት፦ የቲማቲም ስልስ ፍርፍር።* ግማሹን ሽንኩርትና አንድ ሙሉ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ያለ ዘይት በትንሽ ውሃ አቁላሉ። ሲለሰልስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬና ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። በርበሬው እንዳያርር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አምስት ደቂቃ ያህል አማስሉ። ከዚያ አራቱንም ቲማቲም ከትፋችሁ ጨምሩና ውሃው መጥጦ ዘይቱ ከላይ እስኪታይ ተዉት። ስልሱን ለሁለት ክፈሉት። ለግማሹ አንድ ብርጭቆ ውሃና ጨው ጨምራችሁ ሲፈላ ሁለት እንጀራ ቆራርሱበት፣ ቃሪያ ከጎኑ። ሌላው ግማሽ ለሱሑር ነው። በዝርግ ሳህን ላይ አሳስታችሁ አብርዱት፤ ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ ክደኑትና ፍሪጅ ይግባ። በድስት እንዳለ ከተቀመጠ መሀሉ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ ይቆያል።

*ሱሑር፦ እንቁላል በስልስ።* ለሱሑር ስትነሱ መብራት ላይኖር ስለሚችል እንቁላሎቹን ማታውኑ ቀቅሉ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም ቆላ አገር በአሥር ደቂቃ የሚጠነክር እንቁላል እዚህ ውሃው ከፈላ በኋላ 13 ደቂቃ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ሳትልጡ ፍሪጅ አሳድሩት። መብራት ካለ ስልሱን እስኪንተከተክ አሙቁና እንቁላሉን ለሁለት ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጨምሩበት፤ በሁለት እንጀራ ሦስት ሰው ይጠግባል። መብራት ከሌለና ምድጃችሁ የኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ፣ እንቁላሉን በጨውና በእንጀራ ብሉ፤ ስልሱን ፍሪጁን ደግማችሁ ሳትከፍቱ ተዉት። መብራቱ ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ ግን እሱም ይደፋ።

*የሰኞ ኢፍጣር፦ ጎመን በድንች አልጫና ሽሮ።* በቴምርና በውሃ ካፈጠራችሁ በኋላ ነው። አልጫውን ከመግሪብ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩት፤ በከፍታችን ምክንያት ድንች ይዘገያልና ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ አድርጋችሁ ቆራርጡት። አንድ ሽንኩርት በዘይት አቁላልታችሁ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፤ ድንቹን ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር አስቀድሙ፣ ግማሽ ሲበስል ጎመኑን አስከትሉና ክደኑት። ጎመን የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ስለዚህ ውሃ አታብዙ። ለሽሮው የቀረውን ሽንኩርት አቁላሉ፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሽሮ በአራት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ከጨመራችሁት አይጓጉልም። ከእሑድና ከሱሑር የሚተርፈው አንድ እንጀራ ብቻ ስለሆነ ከሱቅ የሚገዛው ሦስት እንጀራ ነው። ከዚያ ሌላ ምንም አልገዙም።

ማክሰኞ ጠዋት የመጣልን መልእክት አጭር ነበር፦ ሱሑር ላይ መብራት አልነበረም፣ እንቁላሉን በጨው በሉት። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለመጣ ስልሱን ማታ አፍልተው ከሽሮው ጋር አቀረቡት።

እናንተም ስትልኩልን

አንድ ፎቶ ሳይሆን ሦስት ላኩ። አንዱ የፍሪጁ ይሁን፣ መሳቢያው ተከፍቶ፣ በፌስታል ያለው ከፌስታሉ ወጥቶ። ሁለተኛው የመደርደሪያው፣ ሦስተኛው የድስቱ ውስጥ ይሁን። ከሥር አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ በምን እንደምታበስሉ፣ የበሰለው መቼ እንደበሰለ፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋ። ይህን ካላወቅን መልሳችን ግምት ነው፤ ግምት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከሩዙ ተምረናል።

ፍሪጃችሁ ባዶ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሃይላንዶችን ውሃ ሞልታችሁ መደርደሪያው ላይ ደርድሩ። አንድ ሁለቱን ከአፋቸው አጉድላችሁ በረዶ ቤት አስገቡ። መብራት ሲጠፋ የረጉትን አውጥታችሁ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከበሰለው ምግብ አጠገብ አስቀምጧቸው። ለሦስቱ እህቶች መጨረሻ ላይ የነገርናቸው ይህን ነበር። በሚቀጥለው ፎቷቸው ላይ ስድስት ሃይላንድ ውሃ፣ ሁለት ካሮትና አንድ ሎሚ ታየ። መልሱን በቀጣዩ እትም እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።