የማለዳው ምርመራ የማያሳየው ስኳር

ከጊንጪ፣ ከጉደርና ከጌዶ ለስኳር ክትትል አምቦ የሚመጡ ታካሚዎች በቀጠሯቸው ቀን ቁርስ ሳይቀምሱ ነው መኪና የሚሳፈሩት። ሆስፒታል ሲደርሱ ጣታቸው ይወጋል፣ ውጤቱ ካርዳቸው ላይ ይጻፋል፤ መድኃኒቱም በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ባለበት ይቀጥላል ወይም ይስተካከላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ አሠራር በቂ ነው። አንዳንዴ ግን ሰው ምግቡን ሳይለውጥ፣ መድኃኒቱንም ሳያጓድል ስኳሩ ከፍ ይላል፤ የማለዳው ምርመራ ደግሞ ይህን ላያሳይ ይችላል።

የጊንጪ ነዋሪ የሆነች አንዲት የ52 ዓመት ጤፍ ነጋዴን በምሳሌነት እንውሰድ። ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ በጾም የምትለካው ስኳር ብዙውን ጊዜ ከ120 ሚሊግራም በዴሲሊትር እምብዛም አይርቅም። በክረምቱ ብርድ አስሟ ተነሣባትና ሐኪም ፕሬድኒሶሎን አዘዘላት፦ ባለ 5 ሚሊግራም ስምንት ኪኒን፣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ጊዜ፣ ለአምስት ቀን። በማግስቱ ማለዳ ስትለካ 124 ሆነ፤ ደስ አላት። ከሰዓት በኋላ ግን አፏ ደረቀ፣ ሽንት ቤት መመላለስ አበዛች። 11 ሰዓት ላይ ብትለካ 287! መሣሪያው የተበላሸ መሰላት።

መሣሪያው አልተበላሸም። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ፕሬድኒሶሎን የዚህ ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው። ጤናማ ሰውነት በቀን የሚያመነጨው ኮርቲዞል በጉልበቱ ከአንድ ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ነጋዴዋ የስምንት ቀን ያህል ሆርሞን በአንድ ማለዳ ዋጠች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆርሞን የተበሳጨውን ሳንባ ያረጋጋል፤ መተንፈስም ይቀላል። በዚያው መጠን ግን የስኳርን ሥርዓት በሦስት በኩል ያዛባል። ጉበት ከፕሮቲንና ከስብ ስብርባሪ አዲስ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ጡንቻ ኢንሱሊን እያዘዘው እንኳ ስኳሩን እንደ ወትሮው ከደም አይቀበልም። ቆሽትም ጉድለቱን ለማካካስ የሚበቃ ኢንሱሊን ማውጣት ያቅተዋል። የደም ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ማፍሰስ ይጀምራል፤ ውኃም አብሮ ይወጣል። ጥማቱና የሽንቱ ብዛት የመጣው ከዚህ ነው። ጥማቱን በለስላሳ መጠጥ ማርካት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ወይም ስኳር ያልገባበት የአምቦ ውኃ ይሻላል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን በይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው። ሌሊቱን ጉልበቱ እየደከመ ይሄድና ስኳሩ ሲነጋ ወደ ቀድሞው ይጠጋል። ስለዚህ በጾም ብቻ የሚለካ ሰው ቀኑን ሙሉ 300 ላይ ውሎ እንኳ ካርዱ ላይ የሚጻፍለት 124 ሊሆን ይችላል። የመለኪያ ስትሪፕ ውድ ነው፤ በቀን አንድ ብቻ መጠቀም የሚችል የፕሬድኒሶሎን ተጠቃሚ ያችን አንዷን ከእራት በፊት ቢያውላት የበለጠ ታሳውቀዋለች። የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን ግን ጠባዩ ሌላ ነው፦ ጉልበቱ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ የማለዳውንም ስኳር ያነሣል።

ሰዓቱን አለማወቅ የሚያመጣው አደጋም አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የምሽቱን ከፍታ አይቶ በራሱ ፈቃድ የማታውን መጠን ቢጨምር፣ ኢንሱሊኑ የሚበረታው ፕሬድኒሶሎኑ በደከመበት ሌሊት ነው። ውጤቱ ንጋት ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲከፋም ራስን መሳት ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጨምሩት መካከለኛ ቆይታ ያለውን ኤንፒኤች ኢንሱሊን ጠዋት ላይ ነው፤ የሚበረታበት ሰዓት ከኪኒኑ ጋር ይገጥማልና። ኪኒኑ ሲቀነስ ወይም ሲያልቅ የተጨመረው ኢንሱሊንም አብሮ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል።

ታዲያ ስኳር ከፍ አለ ብሎ ኪኒኑን ወርውሮ መተው? አይሆንም። አስሙ ሊያገረሽ ይችላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ የራሱ እጢዎች ሥራ ፈትተው ስለሚቆዩ፣ በድንገት ሲያቋርጥ የደም ግፊቱ እስከ መውደቅ ይደርሳል። መጠኑ የሚወርደው በሐኪም ትእዛዝ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ኪኒን ሳንውጥም ሰውነት ራሱ ይህንኑ ሆርሞን የሚያፈስበት ጊዜ አለ፤ ኢንፌክሽን ሲገባ። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጥርስ መግል፣ ጫማ የላጠው የእግር ቁስል፣ ሁሉም ሰውነትን ለውጊያ ያስነሣሉ። ኮርቲዞል፣ አድሬናሊንና ግሉካጎን ይበዛሉ፤ ጉበት ስኳር ይለቃል፤ ከተቆጣው የሰውነት ክፍል የሚወጡ ኬሚካሎችም ኢንሱሊንን ያዳክማሉ። አንዳንዴ ስኳሩ የሚወጣው ትኩሳቱ ገና ሳይሰማ ነው። እግራቸው የደነዘዘ የስኳር ሕሙማን ቁስሉ አያማቸውም፤ ያለ ምክንያት ለሁለትና ሦስት ቀን ከፍ ብሎ የከረመ ስኳር ካለ ካልሲ አውልቆ መርገጫንና የጣቶችን መሐል ማየት ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሠራ ስሕተት አለ፦ «ምግብ አልበላሁም፣ ስለዚህ ኢንሱሊን አልወጋም» ማለት። የታመመ ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር መሥራቱን አያቆምም። በተለይ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ጨርሶ ሲያቋርጥ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ኪቶን የተባለው አሲድም ደሙን ይመርዛል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምክንያት ጭንቀት ነው። መኪና ሊገጨው ሲል ለጥቂት ያመለጠ ሰው አድሬናሊን ይፈስበታል፤ ጉበቱም ያጠራቀመውን ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ይህ ዓይነቱ ከፍታ ብዙ አይቆይም። ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ሲደራረቡ ግን ኮርቲዞልም ከፍ ብሎ ሊሰነብት ይችላል። ለቅሶ ቤት የከረመ ሰው ስኳሩ ቢወጣ ሁሉንም በሐዘኑ ማሳበብ አይገባም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሰዓቱን የሳተ ምግብና የተረሳ ኪኒንም ድርሻ አላቸው። የስሜት ጭንቀት የሚያስከትለው ለውጥም ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ «ተጨንቄ ነው» የሚለው መልስ ኢንፌክሽንና መድኃኒት ከተጣሩ በኋላ የሚመጣ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልኬቱ ራሱ ይፈተሽ። ማንጎ ወይም ስኳር የነካ ጣት ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ እጅን በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ እንደገና መለካት ይገባል። የቤት መለኪያ ከላቦራቶሪ ውጤት እስከ 15 በመቶ ሊለያይ ስለሚችል 120 የነበረው 132 ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም። ለሁለት ቀን ከ250 በላይ ሆኖ የቆየ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

አስም፣ የቆዳ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ኖሮዎት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ሲታዘዝልዎ «የስኳር ሕመም አለብኝ» ብለው ለሐኪሙም ለፋርማሲ ባለሙያውም ይንገሩ። ወደ ክትትል ሲሄዱም የማለዳውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የምሽቱን ልኬት ከነሰዓቱ፣ በዚያ ሳምንት የወሰዱትን ኪኒን ከነስሙ ጽፈው ይያዙ።