የቋንቋ ቻናልን በ45 ሰከንድ ማስተዋወቅ

አንድ ሰው የዩቲዩብ ቻናል ገጽ ሲከፍት፣ ሰብስክራይብ ያላደረገ ከሆነ ከላይ በራሱ የሚጀምርለት አጭር ቪዲዮ አለ። ትሬለር የሚባለው ይህ ነው፤ የትኛው ቪዲዮ እንደሚታይ የሚመርጠው ባለቻናሉ ነው። ለነባር ተከታታዮች ሌላ ቪዲዮ ማስቀመጥ ስለሚቻል፣ የትሬለሩ ጽሑፍ የሚዘጋጀው ቻናሉን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ነው።

ብዙ የቋንቋ መምህራን ግን በሙዚቃና በአርማ ጀምረው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ስለ ራሳቸው ያወራሉ። እንግዳው የመጣው እዚህ ቤት መማር ይችል እንደሆነ ሊያይ ነው። ስለዚህ ከመተዋወቁ በፊት ትንሽ ነገር ቢማር ይሻላል ባይ ነኝ።

አሜሪካ ተወልደው ላደጉ ልጆች አማርኛ የሚያስተምር ቻናል እናስብ። መምህርቷ የምታብራራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። ስክሪኑ ላይ «ገና ገና ነው» የሚል ይታያል። መምህርቷ የመጀመሪያውን «ና» አጥብቃ፣ ሁለተኛውን አላልታ ታነበዋለች።

«የልደት በዓል አልደረሰም ማለት ነው። አጻጻፉ አንድ ነው፤ የሚለየው ጆሮህ ነው። እስቲ አንተ በለው።»

ሦስት ሰከንድ ዝም ትላለች። ከዚያ ትቀጥላለች፦

«እናትህ ስታወራ ገብቶህ መልሱ አፍህ ላይ እምቢ ካለህ፣ ይህ ቻናል ለአንተ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ውስጥ የሚነገር አንድ አጭር ጭውውት እንለማመዳለን። ሰብስክራይብ አድርግና ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምር።»

ዓረፍተ ነገሩ የተመረጠው በምክንያት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ ልጁ ከወረቀት ብቻ የማያገኘውን ነገር ከቪዲዮው ወዲያው ያገኛል። ዝምታውንም ለማሳጠር ሲባል መቁረጥ አይገባም፤ ልጁ አፉን የሚከፍተው በዚያች ቅጽበት ነው። ለማን እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ደግሞ «አማርኛ መማር ለምትፈልጉ ሁሉ» ቢል ኖሮ፣ ያ ልጅ ስለ እሱ እየተወራ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ጽሑፉ ሲያልቅ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ሰዓት ይዞ ማንበብ ነው። ከ45 ሰከንድ ካለፈ መጀመሪያ የሚቀነሰው መምህርቷ ስለ ራሷ የምትለው ነው። «በአንድ ወር አቀላጥፈህ ትናገራለህ» የሚል ተስፋም ይውጣ፤ ቻናሉ ሊፈጽመው አይችልም። የቅዳሜው ቀጠሮ እንኳ የሚጻፈው በእርግጥ የሚጠበቅ ከሆነ ብቻ ነው። የሰው ሙዚቃ ያለፈቃድ ከገባበት ደግሞ ባለመብቱ ጥያቄ ሊያነሳና ትሬለሩ ላይ ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል።

ከተለቀቀ በኋላ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች እስከ የት እንደቆየ የሚያሳየው መስመር ይታያል። መስመሩ ገና ሲጀምር ከወረደ መክፈቻው አልያዘም። በዝምታዋ ላይ ከወረደ ግን ሦስቱን ሰከንድ ከማጥፋት ይልቅ «እስቲ አንተ በለው» የሚለው ትእዛዝ በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይሞከር፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ተመልካቹ ተራው የእሱ መሆኑን አለመረዳቱ ነው።