የኬኩ ቢላ በማን እጅ ነው?

የእህቴ ልጅ ሰርግ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ማታ እህቴ ደወለችልኝ። «እሑድ ሙሽራው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። የሙሽሪት እናት ናት እንግዲህ። የቤተሰቡን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ስፈልግ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። ከስምንት መቶ በላይ መልእክት አለ፤ ግማሹ እልልታና የአበባ ሥዕል ነው። በቀረው ውስጥ የአዳራሹ ቀብድ ደረሰኝ፣ የቬሎው ልክ፣ ከቨርጂኒያ የተላከ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክትና «ጠጁን ለእኛ ተዉት» የሚል ቃል ተደባልቋል።

ረቡዕ ማታ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በግሩፑ መፈለጊያ «ሰዓት»፣ «መኪና»፣ «ቁልፍ»፣ «እኔ» እያልኩ ፈለግኩ። የድምፅ መልእክት በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። ወደ ደብተሩ የገባው ሰዓት፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ ገንዘብ ወይም ቃል ኪዳን ያለበት መልእክት ብቻ ነው፤ ከጎኑ ማን እንደላከውና መቼ እንደላከው ጻፍኩ። ስምንት መቶው ወደ ስልሳ መስመር ወረደ።

ቀኑን የጻፍኩት አዲሱ መልእክት አሮጌውን ይሽራል ብዬ ነበር። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። ሰኞ ዕለት ከሙሽራው ወገን አንዱ «ፎቶው እንጦጦ ነው» ብሎ ጽፏል፤ ሙሽሪት ግን ከሳምንት በፊት ከፎቶ አንሺው ጋር በወዳጅነት ፓርክ ተስማምታለች። ልጁ የሰማውን ነው የጻፈው። ሁለት መልእክት ሲጋጭ የኋለኛውን ከመያዝ ነገሩን የተዋዋለውን ሰው ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ግጭት ግን ግጭት የማይመስለው ነበር። ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን የሙሽራውን መኪና በወዳጁ በኩል ተከራይቶ «መኪናው 10:00 ላይ በሩ ላይ ይቆማል» ብሎ ጽፏል። እዚህ ያነበበው ሁሉ ወደ አዳራሽ የምንገባው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ነገሩ ልክ መሰለው። እሱ ያለው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እንደ ተነበበው ቢቀር መኪናው መጥቶ ሙሽራውን በሩ ላይ ያጣዋል፣ ወይም ሙሽራው ሾፌሩን ትቶ በታክሲ ይሄዳል። ስለዚህ ውጭ አገር ካለ ሰው የመጣ ሰዓት ሁሉ ላኪው ተጠይቆ ወደ እኛ ሰዓት ተቀየረ፤ በእያንዳንዱም ላይ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» ተጨመረበት። ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 18 እና ጃንዋሪ 18 ስምንት ቀን ይለያያሉ፤ በጃንዋሪው ብንሄድ ሰርጉ ከተራ ላይ ይውል ነበር።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ከጠዋት ወደ ማታ ሳይሆን ከማታ ወደ ጠዋት ሠራሁት። አዳራሹ የሚከፈትበትን ሰዓት እኛ አንወስንም፤ መግቢያው አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ከፓርኩ አዳራሹ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመንገድ መዘጋጋት ሩብ ሰዓት ስጨምርበት ከፓርኩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መነሳት አለብን። ለፎቶ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያዝ ፓርክ የምንደርሰው ስምንት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከሙሽሪት ቤት ሰባት ሰዓት ከሩብ። በሩ ላይ ለሚደረገው ግፊያና ጨዋታ፣ ለምሳውና ለምርቃቱ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ስሰጥ ሙሽራው አምስት ሰዓት ተኩል ደጃፍ መድረስ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ነው ሌላው ጉድ የወጣው። ግሩፑ ውስጥ «ሜካፕ ሠሪዎቹ 3 ሰዓት ይደርሳሉ» ይላል። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሙሽሪትን ትይዛለች፣ ሌላዋ አራት ሴት ሚዜዎችን። ለአንዷ ሚዜ አርባ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ አራቱ ሦስት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ማለቂያው ስድስት ሰዓት ነው። ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ሚዜዎቹ መስተዋት ፊት ተቀምጠው ሊቀሩ ነው። ሐሙስ ጠዋት ተደወለና መጀመሪያው ሁለት ሰዓት ሆነ። መልእክቶቹ እንደ ተበተኑ ቢቀሩ ይህንን ማንም አያየውም፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲነበቡ ትክክል ነበሩ።

ሰዓቱ ከተሰለፈ በኋላ ስሙ መጣ፤ እኔን ያስቸገረኝ ይህ ነው። «ቢላ እንዳትረሱ» ብለው አራት ሰዎች ጽፈዋል። «እኔ አመጣለሁ» ያለ ግን የለም። «እናደርጋለን» ስም አይደለም፣ «አይዞሽ አለን» ስም አይደለም። «ጠጁን ለእኛ ተዉት» ያሉት ዘመዶችም ሲጠየቁ አንዱ በአንዱ ተማምኖ የመጫኛ መኪና ያሰበ አልነበረም። በአንድ መስመር ላይ አንድ ስምና ስልክ ብቻ ጻፍኩ፣ እሱ ቢታመም የሚተካው ደግሞ በቅንፍ። ሙሽሮቹና ሁለቱ እናቶች የትም ቦታ አልተጻፉም። አባቶችና ሽማግሌዎችም እንዲሁ፤ ትልቅ ሰውን «4:30 ላይ ተገኙ» ብሎ ወረቀት መስጠት ነውር ስለሆነ፣ መስመሩ የተጻፈው በሚያመጣቸው ወጣት ስም ነው።

የወረቀቱ ከፊል ይህን ይመስል ነበር፤ እዚህ በስም ፋንታ ዝምድናቸውን ጽፌዋለሁ፦

2:00 ጠዋት፣ ሜካፕ በሙሽሪት ቤት፦ የሙሽሪት ታናሽ እህት
4:00 ጠዋት፣ መኪና በሙሽራው በር፦ የሙሽራው የአጎት ልጅ
4:30 ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹን ከቤታቸው ማምጣት፦ የሙሽሪት ወንድም
5:30 ጠዋት፣ የሙሽራው መድረስ፦ አንደኛ ሚዜ
7:15 ከሰዓት፣ ወደ ፓርክ መነሳት፦ አንደኛ ሚዜ
10:30 ከሰዓት፣ አዳራሽ መግባት፣ ለዲጄው መንገር፦ የሙሽሪት አክስት ልጅ
2:00 ማታ፣ ኬክ፣ ቢላው በቦርሳዋ፦ የጎረቤታችን ልጅ

ይህን ግሩፑ ላይ ለጥፎ «ሁሉም አይቶታል» ማለት አይበቃም። የመነበብ ምልክቱ መከፈቱን እንጂ መስማማቱን አይናገርም። ሐሙስ ማታ ለእያንዳንዱ ደውዬ የራሱን መስመር ብቻ አነበብኩለት፤ አንዱ ያን ቀን ሥራ ገቢ መሆኑን የነገረኝ ያኔ ነው። ከዚያ አናቱ ላይ «የዓርብ ጠዋት» ተብሎ በአንድ ገጽ ታተመ፤ ለሚዜዎች፣ ለሾፌሩ፣ ለፎቶ አንሺውና ለዲጄው ታደለ። በሰርግ ቀን ስልክ ወይ ባትሪው ያልቃል ወይ የሰው ቦርሳ ውስጥ ይረሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ በእኔ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ተነገረ።

እሑድ ዕለት በሩ ላይ የነበረው ግፊያ እኔ ካሰብኩት በግማሽ ሰዓት በለጠ። የሙሽሪት እህቶች ሚዜዎቹን ሳያላልቡ አላስገቧቸውም፤ ማንም ሰዓት አላየም፣ ማየትም አይገባውም። ጊዜው ቢያጥር ከፎቶው ይቀነስ ተብሎ ከፎቶ አንሺው ጋር አስቀድመን ስለተነጋገርን ፓርኩ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ቆየን፤ አዳራሽ የገባነው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቢላው በናፕኪን ተጠቅልሎ ከጎረቤታችን ልጅ ቦርሳ ወጣ።

የመጨረሻው መስመር የኪራይ ካባውን መመለስ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ተመልሷል። ቢላው ግን የሌላ ጎረቤት ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው፤ የሚመልሰውን ሰው ስም አልጻፍኩም ነበር።