የመጨረሻው ውሃ የሚያልፍበት መሳቢያ

ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማሽን የወጣች ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና «እስቲ ልጄ፣ አንቺ አሽትቺው» አሉኝ። ነጠላዋ ከታጠበች ሩብ ሰዓት አልሞላትም። ሽታዋ ግን እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ እንደከረመ ጨርቅ ነበር። ጥለቱ ላይ ደግሞ የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር፣ የምታሙለጨልጭ ነገር ተለጥፋለች።

ከዚያ በፊት የሚቻላቸውን ሁሉ ሞክረዋል። መጀመሪያ ዱቄት ሳሙናውን ቀየሩ። አልሆነም። ቀጥሎ ሽታውን ይሸፍንልኛል ብለው የልብስ ማለስለሻውን እጥፍ አደረጉት። ባሰበት። በማግስቱ የመጣው ባለሙያ ነጠላዋን እንኳ አልተቀበላቸውም። «እናቴ፣ ልብሱ ምንም አልሆነም። የሚሸተው ማሽኑ ነው» አለና የሳሙና መሳቢያውን ስቦ አወጣው። ገልብጦ ሲያሳየን ከሥሩ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል። የማለስለሻው ክፍል ክዳን ሲነሳ ውስጡ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ነገር ሞልቶታል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ይበቃል። ከፊት ለፊት በሚከፈተው ማሽን ውስጥ ከቧንቧ የመጣ ውሃ በቀጥታ ወደ ልብሱ አይገባም። መጀመሪያ ከመሳቢያው በላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል፤ ከዚያ ሳሙናውን እያጠበ ወደ ታች ይፈሳል። መሳቢያው ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ለቅድመ እጥበት፣ አንዱ ለዋናው እጥበት፣ የአበባ ምልክት ያለበት ደግሞ ለማለስለሻ ነው። ዋናው እጥበት ላይ ውሃው ይሞቃል፣ ሳሙናም አለው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ሳሙናም የለውም። በብዙዎቹ ማሽኖች ይህ የመጨረሻ ውሃ የሚያልፈው በማለስለሻው ክፍል በኩል ነው፣ ማለስለሻ ባይጨመርበትም። ስለዚህ ያ ክፍል ከቆሸሸ ልብሱ በሙቅ ውሃ ጸድቶ ካበቃ በኋላ በቆሻሻ ውሃ ይለቀለቃል። የጎረቤቴ ነጠላ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ይህ የሽታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በጀርመን አገር ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል 13 ጨቅላ ሕፃናት ላይ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በተደጋጋሚ ተገኘ። ደግነቱ ሕፃናቱ በእሱ አልታመሙም። የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተው በ2019 ባወጡት ጽሑፍ ባክቴሪያውን ያገኙት የሕፃናቱ ልብስ በሚታጠብበት፣ ቤት ውስጥ እንደምንጠቀምበት ባለ ማሽን ላይ ነበር። የተገኘባቸው ቦታዎች የሳሙናው መሳቢያና የበሩ ጎማ ናቸው። ወደ ሕፃናቱ የደረሰውም በክር በተሠሩ ኮፍያዎችና ካልሲዎች በኩል እንደሆነ ገመቱ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ በሌላ ጨቅላ ላይ አልታየም። ጤነኛ አዋቂ ሰው በዚህ ሊሸበር አይገባም። ቤቱ አራስ ልጅ ወይም ሕመም ያደከመው ሰው ያለበት ግን ነገሩን ቸል ባይል እመክራለሁ።

አሁን ወደ መሳቢያው እንመለስ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል። መሳቢያው እስኪያቆመው ድረስ ይሳባል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ማለስለሻው ክፍል አጠገብ ያለች ተጫን የምትል ምላስ አለች፤ እሷን ወደ ታች እየተጫኑ መሳቢያውን ትንሽ ከፍ አድርጎ መሳብ ነው። ብዙ ሰው መሳቢያው ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ አያውቅም። ጎረቤቴም ማሽኑን አራት ዓመት ሲጠቀሙበት አውጥተውት አያውቁም ነበር። ከወጣ በኋላ የማለስለሻው ክዳን ለብቻው ይነሳል፤ ሁሉም ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። የደረቀው ዱቄት ሲላላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታሻል።

ክዳኗን በተለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከሥሯ ቀጭን ቱቦ አለች። ውሃው ክፍሉን ሲሞላና የቱቦዋን ጫፍ ሲያልፍ፣ ከበርሜል በጎማ ቤንዚን ስቦ እንደማውረድ፣ ማለስለሻውን ከነውሃው ጠቅልላ ወደ ታች ትስበዋለች። ይህቺ ቱቦ ከተደፈነች ውሃው እዚያው ይቀራል፤ ዝልግልጉም የሚያድገው በዚያ ውሃ ላይ ነው። መደፈኗን ለማወቅ ማሽኑ ሲጨርስ መሳቢያውን ከፍቶ ማየት በቂ ነው። ከሥሩ ጥቂት ውሃ መቅረቱ የተለመደ ነው። ክፍሉ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ከተገኘ ግን ቱቦዋ ተዘግታለች።

መሳቢያው ሲወጣ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ከመሳቢያው በላይ ሊቆሽሽ ይችላል። የስልክ መብራት ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ወደ ጣሪያው አብርተው ይዩ። ውሃ የሚረጩት ቀዳዳዎች ያሉት ጣሪያው ላይ ነው፤ ጥቁሩ ነጥብም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። እዚህ ውስጥ ውሃ አይደፋም፤ ከጀርባው የኤሌክትሪክ ክፍሎች አሉ። ሳሙና የነካ እርጥብ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃዋል።

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት ማሽኑን የሚያሠራው ከሮቶ በሚወርድ ውሃ ነው። ብዙ አምራቾች ማሽናቸው ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት እንዲያገኝ ይፈልጋሉ። ይህም ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲቀመጥ የሚገኝ ግፊት ነው። ሮቶው ከጣሪያ ላይ ሆኖ ማሽኑ ከሥሩ ባለው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ከሆነ ያን ያህል ከፍታ አይገኝም። ውሃው እየተንቀረፈፈ ይወርዳል፤ ዱቄቱን ጠርጎ መውሰድ ያቅተውና መሳቢያው ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል። በዚህ ላይ ለእጅ እጥበት የተሠራ፣ አረፋው የበዛ ዱቄት ከተጨመረ ነገሩ ይብሳል። እንዲህ ባለ ቤት ለማሽን የተሠራ ሳሙና በልኩ መጨመር ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል።

ወደ በሩ ጎማ ስንመጣ ባለሙያው የታችኛውን እጥፋት በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ ገለጠው። ከውስጡ አንድ የመርፌ ቁልፍ፣ አንድ የብር ሳንቲም፣ ከጋቢ የረገፈ የተላቆጠ ጥጥና የጠቆረ ውሃ ወጣ። ጎማው እንዲህ የታጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውስጥ ያለው በርሜል በኃይል ይወዛወዛል፤ የማሽኑ አካል ግን ቆሞ ይቀራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ይህ ጎማ ስለሆነ መለጠጥና መሰብሰብ አለበት። እጥፋቱ ውሃ እንዳይቋጥር ብዙዎቹ ጎማዎች ከታች ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። የጋቢና የፎጣ ጥጥ እነዚህን ይደፍናቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥጡን ማውጣት፣ ቀዳዳዎቹን በጥርስ ብሩሽ ማስከፈት፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ ማጠብ ነው። ቢላ ወይም ሹል ነገር አይጠጋም፤ የተቀደደ ጎማ ውሃ ወደ ወለሉ ያፈሳል።

ጥቁር ሻጋታ ከያዘው በረኪና ያስፈልጋል። ለ1 ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ በረኪና ይበቃል። ጓንት አድርገው፣ መስኮት ከፍተው፣ በጨርቅ ነክረው ጎማው ላይ 5 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ይጥረጉት፤ ማሽኑንም ያለ ልብስ አንዴ ያለቅልቁት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ጥቁር ልብስ ይለቃል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አቼቶ ለብቻውም ቢሆን ከተደጋገመ ጎማውን ሊጎዳው ስለሚችል እኔ ለጎማ አልመርጠውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥቁር ነጥብ ሊቀር ይችላል። ሻጋታው ጎማው ውስጥ ሰርጎ ሲገባ ቀለሙ አይለቅም። ታዲያ መሞቱ በምን ይታወቃል? ነጭ ጨርቅ አርጥበው ይጥረጉት። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነና ሽታ ከሌለ የቀረው እድፍ ነው፤ ይተዉት። ጨርቁ ከጠቆረ ወይም ካሙለጨለጨ ሥራው አላለቀም። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣበቀ ደግሞ መቀየር አለበት።

በየስንት ጊዜው ነው ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው። ጎማው በዕለቱ የመጨረሻው እጥበት እንዳለቀ እጥፋቱ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መሳቢያው በወር አንዴ ይወጣል። ማለስለሻ የሚያበዛ ወይም የውሃው ግፊት ደካማ የሆነ ቤት በ15 ቀን አንዴ ቢያወጣው ይሻላል። በወር አንዴ ደግሞ ማሽኑን ያለ ልብስ በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ፣ በዱቄት ሳሙና ማሠራት ጥሩ ነው። ሁልጊዜ በ30 ዲግሪና በፈሳሽ ሳሙና የሚያጥብ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ ፈሳሽ ሳሙና በአብዛኛው ማንጫ የለውም፣ ለብ ያለ ውሃም ዝልግልጉን አይገድለውም።

ከእጥበት በኋላ በሩም መሳቢያውም ገርበብ ብለው ይደሩ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ልጅ ገብቶ በሩ ሊዘጋበት ስለሚችል፣ ማሽኑ ያለበትን ክፍል ይዝጉ፤ ያ ካልሆነ ጎማውን በደንብ አድርቀው በሩን ይዝጉት።

የጎረቤቴ ማሽን አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የተቀየረ ዕቃ አልነበረም። ነጠላዋ በድጋሚ ታጠበች፤ ማለስለሻ አልተጨመረባትም፤ ስትደርቅም ምንም አልሸተተችም። እርስዎም መሳቢያዎን አውጥተው የማያውቁ ከሆነ ከሚቀጥለው እጥበት በፊት ያውጡትና ገልብጠው ይዩት።