ከድርድሩ በፊት የሚሞላው ወረቀት

በቢዝነስና በሕግ ትምህርት ክፍሎች የሚሰጥ የድርድር ልምምድ አለ። ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ወገን ሌላው የማያየው መረጃ ይሰጠዋል፤ በተባለው ሰዓት ውስጥ ይስማማሉ ወይም ሳይስማሙ ይነሳሉ። ከመግባታቸው በፊት ጉዳዮቹን፣ ፍላጎቶቹን፣ የመፍትሔ ሐሳቦቹን፣ ካልተስማሙ የሚሄዱበትን ሌላ መንገድና የሚለቁትን ነገር ቅደም ተከተል በአንድ ቅጽ ላይ ያሰፍራሉ።

አንድ ልምምድ እንውሰድ። አንዲት ሴት ቡና ቤት ልትከፍት ዋና መንገድ ዳር ያለ ክፍል ትፈልጋለች። አከራዩ በወር 45,000 ብር ይላል። እሷን ወክላ የምትደራደረው ተማሪ በእጇ ያለው መረጃ ሁለት ነገር ይነግራታል። ደንበኛዋ 720,000 ብር አላት፤ ከዚህ ውስጥ 500,000 ብሩ ለቡና ማሽንና ለዕቃ የሚወጣ ነው። ከጀርባ ባለው መንገድ ደግሞ በ32,000 ብር ለሁለት ዓመት የሚከራይ ሌላ ክፍል አለ፤ እሱ ግን ውሃ ስላልገባለት የመስመር ሥራው 60,000 ብር ይፈጃል።

ብዙ ተማሪ በጉዳዮቹ ቦታ «ኪራይ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ቅድሚያ ክፍያው የስንት ወር እንደሆነ፣ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ጭማሪ መቼ እንደሚመጣም ጉዳዮች ናቸው። አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ የገባ ሰው የሚለዋወጠው ነገር ስለሌለው ክርክሩ በዋጋ ላይ ብቻ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ጉዳይ ጎን «ለምን?» የሚለውን መልስ መጻፍ ደግሞ ፍላጎቱን ያወጣዋል። ተከራይዋ ረጅም ውል የምትፈልገው ዕቃ አስገብታ ደንበኛ ካፈራች በኋላ ውጪ እንዳትባል ነው። አከራዩ የጀመረውን ፎቅ ለመጨረስ ጥሬ ገንዘብ ሳያስፈልገው አይቀርም። ይህ ግምት ስለሆነ በቅጹ ላይ በጥያቄ ምልክት ይቀመጣል፤ ድርድሩ ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

እኔ በጣም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው ግን ካልተስማማን ምን እናደርጋለን የሚለው ክፍል ነው። ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የድርድር ዋና መመዘኛ አድርገውታል። «ሌላ ክፍል አለ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ዋጋው መታወቅ አለበት። የውሃው 60,000 ብር ለ24 ወራት ሲከፋፈል በወር 2,500 ይሆናል፤ የጀርባው ክፍል እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ 34,500 ብር ነው። ዋና መንገድ ዳር መሆን በወር 5,500 ብር ተጨማሪ ትርፍ ያመጣል ብላ ደንበኛዋ ከገመተች፣ የመጨረሻው ወሰን 40,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ ከተጠየቀች የጀርባው ይሻላታል። ይህ ወሰን የሚሠራው ግን ለሁለት ዓመት የማይጨምር ውል ሲሰጣት ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ዳግም የመዛወር ወጪ ስላለ ዝቅ ያለ ሌላ ወሰን፣ ለምሳሌ 37,000፣ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

የመፍትሔ ሐሳቦቹ የሚወለዱት ከሁለቱ ፍላጎቶች ነው። እሱ ጥሬ ገንዘብ፣ እሷ ዋስትና ከፈለጉ፣ ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ በሁለት ዓመት ውል ይለወጣል። እዚህ ላይ ሒሳቡን የማትሠራ ተማሪ «የስድስት ወር እከፍላለሁ» ትላለች። በ38,500 ብር ስድስት ወር 231,000 ይመጣል፤ ከዕቃው የተረፈው ደግሞ 220,000 ነው። አምስት ወር ከሆነ 192,500 ስለሆነ ትችላለች፤ በ40,000 እንኳ 200,000 ነው።

የመጨረሻው ክፍል የምትለቀው ነገር ዕቅድ ነው። በ34,000 ብርና በሦስት ወር ቅድሚያ ትጀምራለች። ውሉ ሁለት ዓመት ከሆነ ወደ 37,000 ከፍ ትላለች፤ ዋጋው በሁለቱ ዓመታት የማይጨምር ከሆነ አምስት ወር በቅድሚያ ከፍላ 38,500 ትላለች፤ የመጨረሻዋ 39,200 ናት። ጭማሪው 3,000፣ 1,500፣ 700 እያለ መቀነሱ ሆን ተብሎ ነው። በየጊዜው እኩል የምትጨምር ከሆነ አከራዩ ገና አለ ብሎ ይጠብቃል። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን በምላሹ የምትቀበለው መጻፍ አለበት፤ ባዶ የሆነ ቦታ ካለ በነጻ ልትለቅ ነው ማለት ነው።

በልምምድ ላይ ይህ ዕቅድ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «ከእኔም ከአንተም ትንሽ ትንሽ ይቅርና መሐል እንገናኝ» ሲባል ነው። አከራዩ 45,000 ላይ ቆሞ እሷ 38,500 ደርሳ ከሆነ መሐሉ 41,750 ነው፤ ወሰኗን አልፏል። ቅጹ ከፊቷ ካለ 40,000ን አይታ ትመልሳለች፤ ከዚያ ክርክሩን ከዋጋው አንስታ፣ አከራዩ አምስቱን ወር መቼ በእጁ ማግኘት እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች።