ባ እና ቤይ (የቻይንኛ ሰዋስው)

ባ እና ቤይ በማንዳሪን ቻይንኛ ከግሥ በፊት የሚገቡ ቃላት ናቸው። ባ ተሳቢውን ከግሡ በፊት ያመጣል። ተሳቢው አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ «ደብዳቤውን» እንደሚባለው የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ግሡም ብቻውን ሳይቆም ውጤት የሚገልጽ ቃል ይከተለዋል። ለምሳሌ «ታ ባ ሺን ሽዬ ሃው ለ» ማለት «እሱ ደብዳቤውን ጽፎ ጨረሰው» ነው። «ሽዬ» መጻፍን፣ «ሃው» መጠናቀቅን ያሳያል። እንደ ማወቅና መውደድ ያሉ ነገሩን የማይለውጡ ግሦች ባ አይወስዱም።

ቤይ ተደራጊውን ያስቀድማል፤ በንግግር በብዛት ጉዳትን ይገልጻል። «ሺን ቤይ ታ ስ ለ» ማለት «ደብዳቤው በእሱ ተቀደደ» ነው።

በአማርኛ «ተጻፈ» ስለሚባል፣ ተማሪዎች በእያንዳንዱ «ተ-» ቦታ ቤይ ያስገባሉ። ነገር ግን «ደብዳቤው ተጽፎ አለቀ» ለማለት «ሺን ሽዬ ሃው ለ» ይበቃል፤ ደብዳቤ ራሱ ስለማይጽፍ ትርጉሙ አያሻማም።

መለያው ቤይን አውጥቶ ማየት ነው። «ታ ቤይ ፕየን ለ» (እሱ ተታለለ) ከሚለው ቤይ ሲወጣ አታላዩ እሱ ራሱ ይመስላል፤ ስለዚህ እዚህ ቤይ የግድ ነው። ትርጉሙ ካልተለወጠና ጉዳት ወይም አድራጊ ካልተጠቀሰ ግን ቤይ ይቀራል። በጽሑፍ ቋንቋ፣ ለምሳሌ «ተመረጠ» ለማለት፣ ቤይ ያለ ጉዳትም ይገባል።